አሚን እና አሜን በአንድ ስንኝ፦ የሰላም ምርቃታችንን እንዴት እንደጻፍነው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንባብ የቀረበ)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ከመካከላችሁ ብዙዎች የሰላም ጉባኤው ዕለት ያነበብነውን ግጥም ማን እንደጻፈው ጠይቃችሁን ነበር። አንድ ሰው አልጻፈውም። አምስት ሆነን ነው የጻፍነው፤ ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለታችን ኦርቶዶክስ፣ አንዳችን ጴንጤ ነን። ለአሥር ደቂቃ ንባብ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል። ዛሬ ግጥሙን ልናወድስላችሁ አይደለም የመጣነው። ሌሎች ቀበሌዎች ያሉ እህቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ጻፉልን እያሉ ስለሆነ፣ የት የት እንደተሳሳትን ብንነግራችሁ ይጠቅማል ብለን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሃይማኖት አባቶች ነው። ጉባኤው የሚደረገው አዳራሽ ውስጥ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ሸሁም ቄሱም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «የምትጽፉት ጸሎት ነው ወይስ ግጥም?» እኛ ጸሎት ነው ልንል አፋችንን ስንከፍት ቄሱ አቋረጡን። በጸሎት ሥርዓት አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይቀላቀል፣ እያንዳንዱ በራሱ ተራ በራሱ ወግ እንደሚጸልይ አስረዱን። ሸሁም ይህንኑ አሉ። «ምርቃት በሉት» አሉን። «ምርቃትማ ቡና ላይ አብራችሁ ስትቀባበሉ ኖራችኋል፣ ማን ከለከላችሁ?»

ይህ ምክር ሥራችንን ሁሉ አቀናልን። ወሎ ውስጥ የግጥም ድርቅ የለም። በአንድ በኩል የዋድላ ቅኔ አለ፤ በሌላ በኩል ዓሊሞቹ በአማርኛ የገጠሙት፣ ዓረብኛ ጣል ጣል ያለበት፣ ብዙ ጊዜም በዓረብኛ ፊደል ተጽፎ የኖረ መንዙማ አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ቤት ናቸው። መንዙማ ብናስመስል ነቢዩን ሳናወሳ መጀመር ያስነውራል፤ መዝሙር ብናስመስል እመቤታችንን መዝለል ይከብዳል፤ ሁለቱንም ብናወሳ ደግሞ ጴንጤዋ እህታችን አሜን ማለት አትችልም። ምርቃት ግን አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ያልፋል። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከበሮም ድቤም አንፈልግም፣ ዜማም አናወጣለትም፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንመርቃለን ብለን ወሰንን።

ቀጥሎ ልኩን መረጥን። የአማርኛ ግጥም ልክ ብዙ ዓይነት ነው። እኛ የያዝነው የወል ቤት የሚባለውን ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም ይሆንና መሐሉ ላይ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል። ቀለም ስንል ፊደል ማለታችን አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሁለት ሳምንት የተሸወድነው። ፊደል እየቆጠርን ስንጽፍ ስንኙ ወረቀት ላይ እኩል ይሆናል፣ ሲነበብ ግን ያነክሳል። ምክንያቱ ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «መንገዱ ክፍት ይሁን» የሚለውን ውሰዱ። ፊደሉ አሥር ነው። በአፋችሁ ስትሉት ግን መን፣ ገ፣ ዱ፣ ክፍት፣ ይ፣ ሁን ነው፤ ስድስት። «ክፍት» ሦስት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን ጉልበታችንን በመዳፍ እየመታን መቁጠር ጀመርን። ስድስት ላይ ትንፋሽ፣ ስድስት ላይ ትንፋሽ።

ልኩ ለምን አስፈለገ ትሉን ይሆናል። ለጌጥ አይደለም። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አሚን ወይም አሜን እንዲል ከፈለጋችሁ፣ ስንኙ የት እንደሚያልቅ ጆሮው ቀድሞ ማወቅ አለበት። አንድ ጊዜ «መንገዶቻችን ክፍት ይሁኑ» ብለን ጽፈን በማኅበራችን ቡና ላይ ሞከርነው። ዘጠኝ ቀለም ነው። አንዳንዶቹ «ክፍት» ላይ አሜን አሉ፣ አንዳንዶቹ መጨረሻው ላይ፣ የቀሩት ዝም ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ስንኝ ልኩን መሳቱን በዚህ ታውቁታላችሁ፤ ሰሚው ተራውን ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የመጀመሪያው ጽሑፋችን እንዲህ ይል ነበር፦

ጠላቶቻችንን ከምድር ላይ አጥፋ
ለእኛ ለልጆችህ ሰላምን አስፋፋ

ቁጠሩት፣ ልኩን አልሳተም። («ለእኛ» በአፍ ሲባል «ለኛ» ስለሚሆን ሁለት ቀለም ነው።) ቤቱም ይመታል፤ ፋ በፋ። ጽፈን ስንጨርስ ደስ ብሎን ተጨባበጥን። ሸሁ ዘንድ ስንወስደው ግን «ልጆችህ» የሚለው ላይ ቆሙ። በእስልምና ፈጣሪ አባት አይባልም፣ ሰውም ልጁ አይባልም። ሙስሊሞቹ ይህን ስንኝ አሚን ብለው ሊቀበሉት አይችሉም። «ባሮችህ» በሉ አሉን። ቄሱን ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉ፤ ገብረ እግዚአብሔር የሚለው ስምና አብደላ የሚለው ስም ትርጉማቸው አንድ መሆኑን ነገሩን። ሁለቱም የፈጣሪ አገልጋይ፣ የፈጣሪ ባሪያ ማለት ናቸው። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አስበነው አናውቅም ነበር።

«ባሮችህ» ብለን አስተካከልነውና በሚቀጥለው ቡና ላይ አነበብነው። አንዲት እህታችን ስኒዋን አስቀመጠች። «ባሪያ የሚለውን ቃል በልጅነቴ የሰማሁት ስሰደብበት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ይሁን አይሁን እኔ አልመርቅበትም» አለች። ማናችንም አልተከራከርናትም። በሃይማኖት በኩል ትክክል የሆነ ቃል በአንዲት ሴት ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ እሷም ከሦስት መቶዎቹ አንዷ ናት።

«ጠላቶቻችንን» የሚለውማ ከዚህ ይብሳል። እንደምታስታውሱት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እዚሁ ነበር። ማን ምን እንዳጣ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ጠላት ስንል እያንዳንዳችን በልባችን የየራሳችንን ፊት ነው የምናየው። በቅሬያችን ውስጥ ግን ሃያ ዓመት አብራን ያለቀሰች የትግራይ ተወላጅ ጎረቤት አለችን። አብራን እንድትቀመጥ ጠርተናት ስንኙን ስናነብ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ያን ዕለት ማታ ነው አንዳችን «ይቺ ሴት አሜን ብትል በማን ላይ ነው አሜን የምትለው?» ብላ የጠየቀችው። ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፦ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው በራሱ ላይ ሳይፈርድ አሜን ሊልበት የማይችል ስንኝ ይወጣል።

ደንቡ ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ደንብ ይዞ መጻፍ ሌላ ጣጣ አለው። አስተካክለን የጻፍነው ስንኝ እንዲህ ሆነ፦

በመካከላችን ያለውን ጠብ አጥፋ
ለእኛ ለፍጥረትህ ሰላምን አስፋፋ

ማንንም አያስቀይምም። ማንንም ግን አይነካም። «አስፋፋ» ራሱ የስብሰባ ቃል ነው፤ መስኖ ይስፋፋል፣ ትምህርት ይስፋፋል። ሰላም ሲስፋፋ ያየች ሴት የለችም። እርስ በርሳችን ሳንዋሽ ስንነጋገር፣ ሰላም ሲመጣ በምን እንደምናውቀው ተጠያየቅን። አንዷ የገበያ ቀን መኪና ሞልቶ ሲመጣ አለች። አንዷ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ሳልነሳ ስተኛ አለች። አንዷ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበር ላይ ሲጠራኝ አለች። ያን ጊዜ ነው ግጥሙ የመጣው፦

መንገዱ ክፍት ይሁን ገበያው ይደራ
ልጅ ሄዶ ይመለስ እናቱን ሲጣራ

«ሰላም» የሚለው ቃል ውስጡ የለም። ለማንኛውም ሃይማኖት እንግዳ የሆነ ነገርም የለበትም። በጣም ወደድነው፣ በጣምም ተማመንበት። በሚቀጥለው ሳምንት ቡና ላይ ስናነበው ሁሉም ተቀበሉ፤ አንዲት እናት ግን ዝም አሉ። ልጃቸው ሄዶ አልተመለሰም፤ ሞቷል የሚላቸውም፣ አለ የሚላቸውም ሰው የለም። ቡናው ሲያልቅ ቀርበን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ግጥሙ ጥሩ ነው፣ አታውጡት» አሉን። «ግን እኔ ምን ልበል? እኔ አሁንም በር በሩን ነው የማየው።»

ከዚያ በኋላ ስንኝ ጨምረን ለእሳቸው ለመጻፍ ሞከርን። መጀመሪያ የመጣልን ለሞቱት ነፍስ ይማር የሚል ነው። ይህም አልሆነም። አንደኛ፣ እሳቸው ሞቷል አላሉም፤ እኛ በግጥም ልንቀብርባቸው አንችልም። ሁለተኛ፣ ኦርቶዶክሱ ለሞተ ሰው ፍትሐት ያደርጋል፣ ሙስሊሙም ዱዓ ያደርጋል፣ ጴንጤዋ እህታችን ግን በእነሱ ዘንድ ለሞተ እንደማይጸለይ ነገረችን። ስለዚህ ስንኙ ስለ ልጁ ሳይሆን በሕይወት ስላለችው እናት መሆን ነበረበት። ቃሉን እሳቸው ራሳቸው ሰጥተውናል፦

በር በሯን ለምታይ እናት ብርታት ስጣት
ሌሊቱ ሲረዝም አንተ ቅረብላት

ፈጣሪ ቅርብ ነው ማለት በሁላችንም ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ «ቅረብላት» ላይ ሸሁም ቄሱም ምንም አላሉም። እኛም ልብ ያልነው ነገር አለ። የደስታ ስንኝ ብቻ ካለ ግጥሙ ያልተመለሰለትን ሰው ከአዳራሹ ያስወጣዋል። ስለዚህ ደንባችን ላይ ጨመርንበት፦ የምንለምነው ነገር ከእንግዲህ ሊደረግለት የማይችለው ሰው አብሮን እንዳለ አስበን እንጻፍ።

አንድ ስንኝ ላይ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ተጨቃጨቅን። የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ይቅርታ የሆነ ነገር እንዲኖርበት ፈልገው ነበር። እንዲህ ጻፍን፦

የሆነውን ሁሉ ይቅር ብለን ዛሬ
በአንድ ላይ ቆመናል በፍቅር ዝማሬ

«ዝማሬ» የቤተ ክርስቲያን ቃል መሆኑ ትንሹ ጥፋት ነው። ትልቁ ጥፋት «ይቅር ብለን» የሚለው ነው። ከአምስታችን አንዷ፣ ቤቷ ተዘርፎ ወንድሟ የቆሰለባት፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እኔ ይቅር አላልኩም። ልል እችል ይሆናል። እናንተ ግን በእኔ ስም ልትሉ አትችሉም» አለች። ቆይታም «ማን እንዳደረገው እንኳ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለች። ሁለት ሳምንት ሳንገናኝ ቆየን። አንዳንዶቻችን ነገር አከረረች ብለን ታዝበናት እንደነበር አንደብቃችሁም። ስናስበው ግን እውነቷን ነው። ሰው በብዙ ቁጥር ሊለምን ይችላል፣ በብዙ ቁጥር ይቅር ሊል ግን አይችልም፤ ያ የእያንዳንዱ ነው። «እኛ» እያሉ ሲጽፉ ያልተባለን ነገር ተብሏል ማለት በጣም ቀላል ነው፣ ቤት እየመታ ሲሄድማ ማንም አይነቃበትም። የተሻሻለው ስንኝ ልመና ሆኖ ወጣ፦

የሆነውን ሁሉ ለመንገር አፍ ስጠን
ይቅር ለመባባል ልብ ስጠን ቀን ስጠን

አንድ ቅኔ የሚያውቁ አባት ይህን አይተው «ቤቱን በአንድ ቃል ደገማችሁት፣ ስጠን በስጠን ቤት አይባልም» ብለውናል። ልክ ናቸው። ግን የመጀመሪያውን መስመር የጻፈችው ያቺ እህታችን ራሷ ናት፣ ሁለተኛውንም «በቃ፣ ይህን ያህል እላለሁ» ብላ የፈቀደችው እሷ ናት። ስለዚህ ጉድለቱን ይዘን ሄድን።

ስለ አዝማቹ ትንሽ እንጨምር። ፈጣሪን በምን ስም እንጥራው የሚለው እንደፈራነው አላስቸገረም። «አላህ» ወይም «እግዚአብሔር» ካልን ግማሹ አዳራሽ እንግዳ ይሆናል። «ጌታ» የሚለውን ሙስሊሙም ይላል፤ ክርስቲያን ጆሮ ውስጥ ግን ጌታ ሲባል ክርስቶስ ነው፣ ያ ደግሞ ሁለቱን ወገን ሳይተዋወቁ ማስማማት ይሆናል። «ፈጣሪ» የሁሉም ነው። «አዛኝ» የሚለውን ጨመርንበት፣ እሱም በሁሉም ቤት አለ። (ተጠንቀቁ፣ «አዛኝቱ» ካላችሁ እመቤታችንን ማለታችሁ ነው።) የመቀበያው ቃል ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ስንኝ ውስጥ አስገባናቸው። የቱ ይቅደም የሚለው ጥያቄ በርግጥ ተነሥቷል፤ ከሁሉ ያሳቀን እሱ ነው። ቀለሙ ስለማይለወጥ በየዙሩ እንዲቀያየሩ አደረግን፤ አንዴ አሚን ይቀድማል፣ አንዴ አሜን።

ሙሉው ይኸው። አዝማቹ ከየሁለት ስንኙ በኋላ ይደገማል፦

አዛኙ ፈጣሪ ሰላም አውርድልን
ጎረቤታሞቹ አሚን አሜን አልን

መንገዱ ክፍት ይሁን ገበያው ይደራ
ልጅ ሄዶ ይመለስ እናቱን ሲጣራ

በር በሯን ለምታይ እናት ብርታት ስጣት
ሌሊቱ ሲረዝም አንተ ቅረብላት

የሆነውን ሁሉ ለመንገር አፍ ስጠን
ይቅር ለመባባል ልብ ስጠን ቀን ስጠን

የቅሬው ድንኳንም ለደስታ ይተከል
ቡናችን ሲፈላ ሳቅ ከሳቅ ይቀጠል

አዛኙ ፈጣሪ ሰላም አውርድልን
ጎረቤታሞቹ አሜን አሚን አልን

በጉባኤው ዕለት ሁለታችን ተቀባብለን አነበብነው። ማይክራፎኑ መሐል ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ሰዉ ግን አዝማቹን ይዞት ስለነበር አልቆመም። እኚያ እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። የመንገዱ ስንኝ ላይ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ዝም አሉ፤ እኛም ዝም እንደሚሉ እናውቅ ነበር። የበሩ ስንኝ ላይ አሜን ሲሉ ድምፃቸው ከኋላ ድረስ ተሰማ። የትግራይ ተወላጇ ጎረቤታችን የነበረችው ከኋላ ነው።

ግጥሙ የተጻፈበት ወረቀት ጸሐፊዋ ዘንድ አለ። የፈለገች መውሰድ ትችላለች፤ የምትወስዱ ግን ስንኞቹን ለራሳችሁ ሰፈር ሰው መጀመሪያ ቡና ላይ አንብቡና ዝም ያለችውን ሴት ፈልጋችሁ ጠይቋት። «ስጠን» በ«ስጠን» የሚለውንም ቤት የሚያስተካክልልን ካለ እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንቀበላለን።